«ምነው ጠፋሽ?» ስትለኝ ምን ልበላት?

ጤና ይስጥልኝ። 31 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም የነበረችኝ ጓደኛ አለችኝ። 4 ዓመት ሙሉ እሷ ከላይ እኔ ከታች አልጋ ነበርን። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። አራስ እያለች አጥሚት ይዤ ተመላልሻለሁ። እናቷ ሲደክማቸው ልጅቷን ይዤ ያደርኩበት ሌሊትም አለ። ለክርስትናዋ ከሽሮ ሜዳ ትንሽዬ የሐበሻ ቀሚስ ገዝቼ አስቀምጬ ነበር። 80 ቀኗ ሲደርስ ግን አልተጠራሁም። ድግሱን ያየሁት ቴሌግራም ላይ በተለጠፈ ፎቶ ነው። ድንኳን ተጥሏል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ከዶርማችን ልጆችም ሁለቱ አሉ። ይኸው 3 ሳምንት ሆነው። እሷ «ምነው ጠፋሽ?» ብላ ትጽፍልኛለች፣ እኔ «ሥራ በዝቶ ነው» እላታለሁ። ልጣላት አልፈልግም። ምክንያት እንድትደረድርልኝም አልፈልግም። ግን እንደከፋኝ ሳልነግራት መቀጠል አቃተኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? ምን ይመክሩኛል?

ቀሚሱ ቁም ሣጥን ውስጥ የቀረባት

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ልጅቷን ይዘሽ ያደርሽበት ቦታ ስደርስ ቆም አልኩ። ሌሊት ልጅ አቅፈሽ የተንጎራደድሽበት ቤት ድንኳን ተጥሎ፣ እንግዳ ሞልቶ፣ አንቺ በስልክ ስታዪው ያማል። ምናልባት ለራስሽ «ለአንድ ድግስ ነው እንዴ እንዲህ የምሆነው?» ብለሽ ይሆናል። ክርስትና እኮ የልጅ ዘመድ የሚቆጠርበት ቀን ነው። የክርስትና እናቷ ማን እንደሆነች፣ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ማን እንደታቀፋት፣ ማን ጓዳ ገብቶ ሲላላክ እንደዋለ፣ ሰው ለዓመታት ያወራዋል። አንቺም ራስሽን እዚያ መሃል ቆጥረሽ ነበር። ቀሚሱም የተገዛው ለዚያ ነው።

ስለዚህ መከፋትሽ ልክ ነው አይደለም ብለን አንከራከርም። ከፍቶሻል፣ አለቀ። ማሰብ ያለብን ይነገር ወይስ ይለፍ የሚለውን ነው።

ዝም ብሎ ማሳለፍም አንድ መንገድ ነው። አንዳንድ ቅሬታ ሁለት ቀን እንቅልፍ ይነሳና ይበናል። በሦስተኛው ቀን ስትደውልልሽ ድምፅሽ እንደወትሮው ከሆነ ጉዳዩ አብቅቷል፣ መናገርም አያስፈልግም። ያንቺ ግን 3 ሳምንት አልፎታል፤ ድምፅሽም ተቀይሯል። እሷም ይህ ስለተሰማት ነው «ጠፋሽ» የምትልሽ። አንቺ ደግሞ ያልሆነውን ሥራ ታመካኚያለሽ። እንደ እኔ እንደ እኔ አሁን ከድግሱ ይልቅ ጓደኝነታችሁን የሚጎዳው ይኼ ነው። እሷ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ እየራቅሽባት ነው። ንገሪያት።

ከመሄድሽ በፊት ግን አንድ ነገር አስቢልኝ። ነገርሻት እንበል። እሷም «እንደከፋሽ ገባኝ፣ ይቅርታ» አለችሽ። ለምን እንዳልጠራችሽ ግን አንድም ቃል ሳትናገር ሸኘችሽ። ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብለሽ ምን ይሰማሻል? ቀለል ካለሽ ተዘጋጅተሻል ማለት ነው። «አሁንም እኮ አልነገረችኝም» እያልሽ የምትብሰለሰዪ ከሆነ ግን ልብሽ ምክንያቱን ይፈልጋል። እሱም ነውር የለውም። ያኔ በግልጽ መጠየቅ ይሻላል፤ በአፍ «አልጠይቅሽም» እያሉ በዓይን መጠየቅ ሁለታችሁንም ያደክማል። ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት አንቺ የምትፈልጊው እንድታውቅልሽ ብቻ ነው። በዚያው ልቀጥል።

ምክንያት አለመጠየቅሽን የምደግፈው በራሴ ከደረሰ ነገር ተነስቼ ነው። ከዓመታት በፊት የእህቴን ምርቃት ቤቴ ደግሼ አንዲት ወዳጄን ሳልጠራት ቀረሁ። መጥታ ፊት ለፊት «ለምን?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳት። «ቤቱ ጠባብ ነው፣ ከ20 ሰው በላይ አይዝም» አልኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁ። እሷ የሰማችው 20 ሰው ስቆጥር 21ኛዋ እሷ እንደነበረች ነው። አለመጠራቷ ካመማት በላይ ያ መልስ አመማት። እንደ ድሮው ለመሆን ብዙ ወራት ፈጀብን። ሰው «ለምን?» ሲባል ወይ ሰበብ ይፈልጋል ወይ እውነቱን ይናገራል። ሰበቡን አታምኚውም፤ እውነቱ ደግሞ አንዳንዴ እንደ እሾህ ተሰክቶ ይቀራል።

በዚያ ላይ የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ላይ የሚጠራውን ሰው ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት አያቶች ናቸው። እናትየው ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው፣ ጡት ታጠባለች፣ እንቅልፍ የላትም። ጓደኛሽም ቤት እንዲህ ሆኗል ማለቴ አይደለም። ሆኖ ከሆነ ግን «ለምን?» ስትያት አማቷን ወይ ባሏን አሳልፋ እንድትሰጥ ነው የምታስጨንቂያት። ካልጠየቅሻት ከዚህ ጭንቅ ታወጫታለሽ።

ወደ ቃሉ እንምጣ። የምትናገሪው ነገር ምክንያቱ የትኛውም ሆኖ ቢገኝ እውነት መሆን አለበት። በጥድፊያው መሃል ተረስተሽ ሊሆን ይችላል። ዝርዝሩ በሌላ ሰው እጅ ሊሆን ይችላል። «እሷ የቤት ሰው ናት፣ ሳትጠራ ትመጣለች» ተብሎም ሊሆን ይችላል። ታስቦበት ቀርተሽም ሊሆን ይችላል። «ረሳሽኝ» ካልሻት የመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው ልክ የምትሆኚው። «ናቅሽኝ» ካልሻት ምናልባት የመጨረሻው ላይ፣ እሱም ከሆነ ነው። «ፎቶውን ሳይ ከፋኝ» ግን በአራቱም ላይ እውነት ነው። ማንም «አልከፋሽም» ሊልሽ አይችልም።

አማርኛችንም ይረዳሻል። «ከፋኝ» እና «አስከፋሽኝ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፣ ሲሰሙ ግን ይለያያሉ። «ከፋኝ» ስትዪ ስለ ራስሽ ብቻ ነው የተናገርሽው። «አስከፋሽኝ» ስትዪ ግን እሷን አድራጊ አድርገሽ አስገባሻት። አድራጊ የተባለ ሰው ደግሞ ወዲያው ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ቅር አለኝ» ለስለስ ያለ ጥሩ ቃል ነው። ለ3 ሳምንት መራቅ ግን ትንሽ ቀለለብኝ፤ «ኧረ ለዚህ ነው!» ብላ ልታልፈው ትችላለች። «ተቀየምኩሽ» ደግሞ ከባድ ነው። ቂም ከተባለ አስታራቂ ይፈለጋል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። እናንተ እዚያ አልደረሳችሁም። «ከፋኝ» ከሁለቱ መሃል ነው፣ እሱን ያዢ።

«ለምን»ን ስታስወጪ ዘመዶቹንም አብረሽ አስወጪ። «ምነው ረሳሽኝ?»፣ «እኔ ጓደኛሽ አይደለሁም?»፣ «ምን አጠፋሁ?» ሁሉም ያው መልስ የሚጠይቁ ናቸው። በተለይ «ምን አጠፋሁ?» ትሕትና ይመስላል፤ የተጠየቀው ሰው ግን ወይ ጥፋት ሊፈልግልሽ ነው፣ ወይ ምሎ ተገዝቶ ሊያስተባብል ነው። የዶርም ልጆቹንም ስም አታንሺ። «እነ እገሌ ተጠርተው» ካልሽ ወሬው ከአንቺ ይወጣና ወደ ዝርዝሩ ይሄዳል። እያንዳንዳቸው እንዴት እንደተጠሩ ስታስረዳሽ ትውላለች። በእነሱ በኩል መልእክት መላክም አይታሰብ። በሦስተኛ ሰው ያለፈ ነገር በርበሬ ሳይጨመርበት አይደርስም።

አንድ የምፈራልሽ ነገር ደግሞ አሽሙር ነው። «እንኳን ደስ አለሽ፣ ድግሱ ሲያምር በፎቶ አየነው» ማለት አፍ ላይ ይመጣል፣ ለጊዜውም ልብ ያሳርፋል። እሷ ግን መወጋቷን ትሰማለች እንጂ መከፋትሽን አትሰማም። ከተወጋች ደግሞ አጸፋውን ታስባለች።

እኔ አንቺን ብሆን እንዲህ እላት ነበር፦

«የልጅቷን ክርስትና ፎቶ ሳይ ከፋኝ። ያን ቀን አብሬያችሁ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ሥራ በዝቶ ነው ያልኩሽ እውነቴን አይደለም፤ ከፍቶኝ ነው የጠፋሁት። ምክንያቱን ልጠይቅሽ አይደለም የመጣሁት። በሆዴ ይዤው እንዳልርቅሽ ብዬ ነው።»

በቃ፣ ይኼው ነው። ቤትሽ ውስጥ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንዴ በዪው። ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይሞላም። ከዚያ ከረዘመ ክስ እየጨመርሽበት ነው። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር በተለይ አትዝለዪው። አንቺም የዋሸሽው ነገር አለ፤ እሱን ቀድመሽ ስታወጪ እሷም ዳኛ ፊት እንደቀረበች አይሰማትም። «የራስሽ ምክንያት ይኖርሻል» የሚለውን ግን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ጽሑፍ ላይ ጨዋ ይመስላል፣ በድምፅ ሲወጣ ግን ይቆረቁራል። ሞክሪውና ራስሽ ስሚው።

ዛሬ ወይ ነገ «ጠፋሽ» ብላ ስትጽፍልሽ ደግሞ እንዲህ መልሺላት፦ «እውነትሽን ነው፣ ጠፍቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ልምጣ? ልጅቷንም ልያት፣ አንቺንም ላውራሽ።» «የማወራሽ ነገር አለ» አትበያት። ይኼን ሰምቶ የማይደነግጥ የለም፤ እስከ ቅዳሜ ምን ይሆን እያለች ታድራለች። መከፋትሽን በጽሑፍ ልከሽ ለመገላገልም አትቸኩዪ። ጽሑፍ ድምፅ የለውም። ደክሟት፣ ልጅ እያለቀሰባት ካነበበችው በራሷ ድካም ድምፅ ነው የምታነበው።

ቤቷ ስትደርሺ መጀመሪያ ማን እንዳለ አስተውዪ። እናቷ ወይ አማቷ ሳሎን ካሉ ያን ቀን ተዪው። እነሱ ፊት ከተናገርሽ ለአንቺ ሳይሆን ለእነሱ ነው የምትመልሰው። ከልጅቷ ጋር ተጫውተሽ ውጪና ሌላ ቀን ተመለሺ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ልጅቷ ጠብታ ጋደም እስክትል ጠብቂ። ቡና ከፈላ በአቦሉ ተናገሪ። ብዙ ሰው ሲከብደው ሲከብደው ቆይቶ ሲሸኙት በር ላይ ይናገራል። ያኔ እሷ ደንግጣ ትቀራለች፣ አንቺም ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። በአቦሉ ከተናገርሽ ግን ቶናውና በረካው ይቀራችኋል፤ ወሬ ለመቀየርም፣ ለማልቀስም፣ ለመሳቅም ጊዜ አላችሁ።

ተናግረሽ ስትጨርሺ ዝም በዪ። ከባዱ ይኼ ነው። ዝምታው ሲረዝም «ማለቴ…» ብለሽ ልትጨምሪበት ይዳዳሻል። አትጨምሪ። ሲኒሽን አንሺ፣ ልጅቷን እያት።

«ውይ፣ ይቅርታ» ካለችሽ፣ እባክሽን «ኧረ ምንም አይደለም፣ ተዪው» እንዳትያት። ይህ ከአፋችን ሳናስበው የሚወጣ ነገር ነው። 3 ሳምንት የከበደሽን ነገር ምንም አይደለም ካልሽ፣ የለፋሽበትን ሁሉ በአንድ ቃል አጠፋሽው። «እሺ፣ ስላዳመጥሽኝ ደስ ብሎኛል» ይበቃል።

ሳትጠይቂያት ማስረዳት ከጀመረች አታቋርጫት፣ ግን ፖሊስም አትሁኚ። «ታዲያ እነሱ እንዴት…» የሚለው ጥያቄ አፍሽ ላይ ሲመጣ ቡናሽን ጠጪበት። የነገረችሽ ነገር ካልተዋጠልሽ «ገባኝ» ብለሽ አትዋሺ፣ «እሺ፣ ሰማሁሽ» በያት።

ከት ብላ ስቃ «አንቺ ደግሞ! የቤት ሰው ይጠራል እንዴ?» ልትልሽም ትችላለች። እውነቷን ሊሆን ይችላል። በብዙ ቤት የቅርብ ሰው አይጠራም፣ ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሊከትፍ ይመጣል ተብሎ ነው የሚጠበቀው። ምናልባት እሷም ያን ቀን በር በሩን ስታይ ውላ ይሆናል። ያኔ «እንደዚያ ካሰብሽኝ ደስ ይለኛል፤ እኔ ግን ጥሪሽን እየጠበቅኩ ነበር። ለሚቀጥለው አንዴ ደውይልኝ» በያት። ይቺ ልመናም ክስም አይደለችም። ለልደቷ ምን እንደምትፈልጊ ከወዲሁ አወቀች ማለት ነው።

ልትቆጣም ትችላለች። «እኔ እዚህ እንቅልፍ አጥቼ አንቺ ለድግስ ታኮርፊያለሽ?» ብትልሽ አትደንግጪ። ስለ ድካሟ እውነቷን ነው። «ድካምሽን አይቻለሁ፤ ልወቅስሽ አልመጣሁም» በያትና ያልሽውን አትድገሚው፣ አታለስልሺውም። ትንሽ ቆይተሽ በሰላም ተሰናበቺ። ሰው በቁጣ የሰማውን ነገር ማታ ብቻውን ሲሆን እንደገና ይሰማዋል። እሷ እስክትደውል ሳምንት ያህል ታገሺ፤ ካልደወለች አንቺ ስለ ልጅቷ ጠይቂ። ጉዳዩን ግን አታንሺው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ሦስት ወራት ዝም ብለሽ ተመልከቺ። ልጅቷ ስታተኩስባት ትደውልልሻለች? ወሬ ሲኖራት ትነግርሻለች? ከሆነ ጓደኛሽ ያው ጓደኛሽ ናት፤ ምክንያቱን ሳታውቂው መቅረትሽም ቀስ እያለ ይደበዝዛል። በሚቀጥለውም በሚቀጥለውም ከተዘለልሽ ግን ጓደኝነቱ ለእሷ እንደ ድሮው አይደለም ማለት ይሆናል። ያን ጊዜ እንደገና ጻፊልኝ። እስከዚያ አንቺ ደግሰሽ እሷን ባለመጥራት እንዳትፈትኛት አደራ።

ስለ ቀሚሱ አልጠየቅሽኝም፣ እኔ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ያን ቀን ይዘሽው አትሂጂ። ከዚያ ወሬ ጎን ከተቀመጠ «አየሽ፣ እኔ ተዘጋጅቼ ነበር» ይላል፤ አንቺ ባትዪውም እሱ ይለዋል። ያልጠየቅሻት ምክንያት በቀሚሱ በኩል ተጠየቀች ማለት ነው። በሚቀጥለው ስትሄጂ ውሰጂው። መቼ እንደገዛሽው፣ ለምን ቀን እንደነበረ አታስረጂ። «ለልጅቷ ነው» በያትና ስጫት። ብዙ ግን አታቆዪው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በየሳምንቱ ነው የሚያድገው፣ እጅጌው ይጠባታል።